የመነጽር ነጸብራቅ ሳጠፋ የሰው አይን አበላሽቼ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ይሄን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ስድስት ምሽት የፈጀብኝ ስራ ነው፣ ከስድስቱ አራቱ የሄዱት ደግሞ ቲቶሪያል ላይ ሁሉም የሚያስተምረውን አንድ ነገር አምኜ ስለሰራሁ ነው።

ፎቶውን ያነሳሁት እኔው ነኝ። መነጽር ያደረጉ አዛውንት፣ በግራቸው በኩል መስኮት አለ፣ እሳቸውም ወደ መስኮቱ ትንሽ መልከት ብለዋል። አራት ጊዜ አንስቼ ፈገግታቸው ያማረበትን አስቀረሁና ሶስቱን አጠፋኋቸው። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በቀረው ፎቶ የግራ ሌንሳቸው ላይ የመስኮቱ ነጸብራቅ አርፎበት አይናቸውን ከግማሽ በላይ ሸፍኖታል፣ ከጠፉት በአንዱ ላይ ግን አይኑ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። በስልክ ስክሪን ስናየው ማናችንም ልብ አላልነውም። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው በትልቁ እንዳትምላት ስትጠይቀኝ ነው ችግሩ የወጣው። ድጋሚ ማንሳት የሚባል ነገር የለም እንግዲህ።

መጀመሪያ የሰራሁት ልክ ነበር። ነጸብራቅ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም፣ አንዱ እንደ ጉም ከላይ የተኛ ነው፣ ከስር ያለው አይን ደብዘዝ ብሎም ቢሆን አለ፤ ሌላው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ነው፣ እዛ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም። የትኛው የት እንዳለ ለማወቅ ፎቶሾፕ ላይ Channels ከፍታችሁ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ እዩ። የሳቸው መነጽር ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ያለው ስለነበር የቀረው ነጸብራቅ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ስለዚህ አረንጓዴው ቻናል 255 ገብቶ ባዶ ሲሆን ቀዩ ላይ የታችኛው የአይን ሽፋንና በአፍንጫ በኩል ያለው የአይን ጥግ ቁልጭ ብለው ተገኙ። ቀዩን ቻናል ኮፒ አድርጌ በማስክ አመጣሁት፣ በ Curves ጥቁሩን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ስለሚመጣ ደግሞ ከጉንጩ ላይ ቀለም ወስጄ Color በሚለው ሞድ ከላይ ቀባሁት። ይሄ አንድ ምሽት ነው የፈጀው። ከዛ በኋላ የቀረው ባዶ ቦታ የላይኛው ሽፋን፣ ብሌኑና በጆሮ በኩል ያለው ነጩ ነው።

ጥፋቱ እዚህ ጋ ተጀመረ። ሁሉም ቲቶሪያል ማለት ይቻላል «ደህናውን አይን ኮፒ አድርግ፣ Flip Horizontal፣ አለቀ» ነው የሚለው። አደረግኩት። ጠርዙን አለሳልሼ፣ ቀለሙን አመሳስዬ፣ በጣም አምሮልኛል ብዬ ላኩላት። ፎቶውን አይታ ትንሽ ዝም አለችና «ወንድሜ፣ ይሄ አባዬ አይደለም። ማንን ነው የሚያየው?» አለችኝ።

ሶስት ምሽት ጠርዙን ሳለሳልስ፣ ብርሃኑን ሳስተካክል አሳለፍኩ፣ ችግሩ እኮ ጠርዙ ላይ አልነበረም። እሳቸው ወደ ግራቸው ነው የሚያዩት፣ ስለዚህ በደህናው በቀኝ አይናቸው ላይ ብሌኑ ወደ አፍንጫ ተጠግቷል። ያንን ስገለብጠው በግራውም ወደ አፍንጫ ተጠጋ፣ ሁለቱ አይኖች ወደ ውስጥ ዞሩ ማለት ነው። እውነተኛው የግራ አይናቸው ብሌኑ ወደ ጆሮ በኩል መሆን ነበረበት። ሌላው ብሌኑ ላይ የምትታየው የብርሃን ነጥብ ናት። መስኮቱ አንድ ነው፣ ስለዚህ ነጥቧ በሁለቱም አይኖች ላይ በአንድ አቅጣጫ መሆን አለባት፤ ስትገለበጥ ግን በተቃራኒው ጎን ተቀመጠች። ሰው ይሄን ቃል አውጥቶ አይነግራችሁም፣ ፊቱ እንግዳ እንደሆነበት ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሶስተኛው የላይኛው ሽፋናቸው ነው፣ የግራው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነበር፣ እኔ ግን ሁለቱን እኩል አድርጌያቸው ነበር። ልጃቸው አባዬ አይደለም ያለችኝ ለዚህ ነው፣ ልክ ነበረች።

ያዳነኝ ስልኳ ነው። በዛው ቀን እዛው ቦታ እሷ ያነሳቻቸው ፎቶ ነበራት፣ መነጽራቸውን እንዳደረጉ፣ ነጸብራቅ የሌለበት። አይናቸው እዛ ላይ በጣም ትንሽ ነው፣ ወርዱ ስልሳ ፒክስል ቢሆን ነው፣ የኔ ላይ ደግሞ ከሶስት መቶ በላይ ነው፣ ስለዚህ አጉልቼ ልለጥፈው አልችልም። ግን ለቅርጽ ይበቃል። አጉልቼ በስስ ኦፓሲቲ ከላይ አስቀመጥኩት፣ የአይኑን ሁለት ጥጎችና የአፍንጫ ድልድዩን አገጣጠምኩ፣ ከዛ በአዲስ ሌየር ላይ ሽፋኑ የት እንደሚወርድ፣ ብሌኑን ምን ያህል እንደሚሸፍነው፣ ብሌኑ የት እንደተቀመጠ በመስመር አሰመርኩ። ቅርጹን ከስልኳ፣ ቆዳውንና ሽፋሽፍቱን ከራሴ ፎቶ ወሰድኩ ማለት ነው።

አሁን የምሰራበት መንገድ ይሄ ነው፦ ሽፋኑን፣ ሽፋሽፍቱንና ነጩን ገልብጡ፣ ብሌኑን ግን በፍጹም አትገልብጡ። ብሌን ክብ ነው፣ ሳይገለበጥ ኮፒ ስታደርጉት የብርሃን ነጥቧ በትክክለኛው ጎን ትቀራለች። ለብቻው ሌየር ላይ አድርጋችሁ መስመሩ በሚያሳያችሁ ቦታ አስቀምጡት። የላይኛው ሽፋን የብሌኑን ጫፍ መሸፈን አለበት፣ ሙሉ ክቡ ከታየ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። ከሽፋኑ ስር በለስላሳ ብራሽ ቀጭን ጥላ አስገቡ፣ ነጩም ላይ ጭምር። የአይን ነጭ ነጭ አይደለም፣ ከደህናው አይን ላይ ቀለሙን ብትለኩት ግራጫ ሆኖ ነው የምታገኙት። የተገለበጠውን ሽፋን በ Warp ወደ መስመሩ አወረድኩት፣ እዛ ላይ ነው ፊታቸው የተመለሰው፣ አይቼው እጄን አንስቼ ተቀመጥኩ።

ከመነጽሩ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። የሳቸው ለሩቅ እይታ የሚደረገው አይነት ነው፣ እሱ ሌንስ ከጀርባው ያለውን ያሳንሳል፣ ስለዚህ የጉንጭ ጠርዝ ሌንሱ ውስጥ ሲገባ ወደ አፍንጫ በኩል ይሰበራል። እኔ ጠርዙን ቀጥ አድርጌ ስለቀጠልኩት ባዶ ፍሬም ያደረጉ ይመስል ነበር። በደህናው ሌንስ በኩል ስንት ፒክስል እንደተሰበረ አይቼ በዚህም ያን ያህል አስገባሁት። መነጽር ሳይደረግ ከተነሳ ፎቶ አይን የምትወስዱ ከሆነም እንደዚህ አይነት ሌንስ ውስጥ ስታስገቡት ትንሽ ማሳነስ አለባችሁ፣ አለበለዚያ አይኑ የፈጠጠ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ የፎቶው ደቃቅ ነጠብጣብ ጠፍቶ የሰራሁት ቦታ ፕላስቲክ ስለመሰለ ትንሽ ኖይዝ ጨመርኩ። ነጸብራቁንም ጨርሶ አላጠፋሁትም፣ ከዋናው ላይ አስር ፐርሰንት ያህል መለስኩለት፣ ጨርሶ ሲጠፋ መስታወት ያለ አይመስልም። ጨርሳችሁ አጥፉ የሚሉ አሉ፣ አልስማማም።

ፖላራይዘር የሚባለውን የካሜራ ፊልተር ግዛ የሚሉኝም ነበሩ። ፖላራይዘር ብርሃን በሰያፍ ሲያርፍ ነው የሚሰራው፣ መስታወት ላይ የሚበረታው ወደ 56 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፊት ለፊት የሚመለሰውን ነጸብራቅ አይነካውም ማለት ይቻላል። እኔ አሁን ሰው ሳነሳ የመነጽሩን ዘንግ ከጆሮው ላይ ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ ሌንሱ ወደ መሬት ዘንበል ይላል፣ ነጸብራቁም ወደ ታች ይሄዳል። ከዛ ጭንቅላታቸውን ሳያንቀሳቅሱ መነጽሩን አውልቀው አንድ ፎቶ አነሳለሁ። እነዛን ፎቶዎች አላጠፋም፣ ስራውን ካስረከብኩ በኋላም ቢሆን።

ህትመቱን ስትረከብ ልጃቸው ምንም አላለችኝም፣ የግራ አይናቸውን በጣቷ ነካ አደረገችው።