ትከሻው ላይ ያሉት ጣቶች

ዛሬ አንዲት ልጅ የቆየ የሰርግ ፎቶ ይዛ ፎቶ ቤት መጣች። ስምንት ሰው ተደርድሯል። «ወንድሜ፣ አባቴን ብቻ አውጣልኝ። ለአርባው ነው» አለች። ሌላ ፎቶ የላቸውም።

ፊቱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ትልቅ ፍሬም ፈልጋ ነበር፤ ስካን አድርጌ ሲለጠጥ ዓይኑ እንደሚደበዝዝ ስክሪኑ ላይ አሳየኋትና በትንሹ ተስማማን። በፎቶሾፕ ዙሪያውን ነጥብ በነጥብ ዞርኩት። ጋቢው ቀላል ነበር፣ ፀጉሩ ግን አሰቃየኝ (ሽበት ከነጭ ግድግዳ ጋር!)።

ትከሻው ላይ የሰው ጣቶች ቀሩ። ከጋቢው ነጩን ቀድቼ ልሸፍናቸው ስል፣ ከኋላዬ «ተዋቸው፣ የእማዬ ናቸው» አለች።

ከነጣቶቹ አተምኩት። ስትከፍል አንድ ኮፒ ጨመረች፣ ለእናቷ።