«መጣሁ» ያለው ሹፌር አልዋሸም

ለገጣፎ ውስጥ ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ እናስተምራለን። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ሁለት ክፍል ብቻ። ያን ቀን ተማሪያችን የገባው ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው። ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ከቤታችን ትይዩ ባለው ግንባታ ላይ ይሠራል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ሲወጣ እኛ ጋ ይመጣል። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም «ሹፌሩ ዋሸኝ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮንክሪት ሚክሰር የሚነዳው ሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደውሎ «መጣሁ! መጣሁ!» ይለዋል። መሐንዲሱ ደብተሩ ላይ «መጣሁ» ከሚለው ቃል ጎን የጻፈው «ኀላፊ ጊዜ» የሚል ነው። ስለዚህ መኪናው በር ላይ ደርሷል ብሎ አሰበ። ምሳ የተቀመጡትን ሠራተኞች በሙሉ አስነሣ። ሰዎቹ አካፋና ንዝረት መስጫውን ይዘው አርባ ደቂቃ ቆሙ። መኪናው ለካ ያኔ ገና ካራ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ነበር።

የምታስተምረው ልጅ ሥራ ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው። ጎበዝ ናት፤ ግን ደነገጠች። «ትክክል ነዎት» አለችው። «መጣሁ ኀላፊ ጊዜ ነው። ሹፌሩ ነው የተሳሳተው።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ተማሪ ፊት ላርማት አልፈለግሁም። ሰውየው ከወጣ በኋላ ግን ራሷ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው እንዴ?» አለችኝ። ዐይኔ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ሰንጠረዥ ሄደ። «መጣ፦ ኀላፊ። ይመጣል፦ የአሁንና የወደፊት።» የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ለዓመታት እዚያ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ያስተማረችው እኔ የጻፍኩትን ነው። ስሕተቱ ያለው እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ሰንጠረዡን አነሣሁትና ከእሷ ጋር ቁጭ አልን። በመስኮቱ በኩል ገና ያላለቀው ፎቅ ይታያል። ከእሱ ጀመርን።

«ይህን ፎቅ በሁለት ጥያቄ እንየው» አልኳት። «አንደኛው ጥያቄ መቼ ነው የሚል ነው። ከምንናገርበት ሰዓት በፊት ነው፣ አሁን ነው፣ ወይስ በኋላ? ሰዋስው ይህን ጊዜ ይለዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ስለ ሰዓት አይደለም። ድርጊቱን እንዴት ነው የምናየው? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ሙሉ ነገር ነው? ወይስ መሐሉ ገብተን፣ ሲካሄድ ነው? ምሁራን ይህን አስፔክት ይሉታል።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩላት። «ዓምና ቤቱን ሠራው።» «ዓምና ቤቱን ይሠራ ነበር።» ጊዜያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዓምና። ልዩነታቸው አስፔክት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሥራውን ከውጭ ሆኖ በሙሉ ያሳያል። ሁለተኛው ሥራው መሐል ያስገባናል። ከዚያ ሁለቱም ላይ «ግን አልጨረሰውም» የሚለውን ጨምሪ አልኳት። «ይሠራ ነበር፤ ግን አልጨረሰውም» ችግር የለበትም። «ሠራው፤ ግን አልጨረሰውም» ግን ጆሮ ይጎረብጣል። ጀማሪ መምህር ይህንን ፈተና በኪሱ ሊይዘው ይገባል፤ ምንም የሰዋስው ስም አይጠይቅምና።

እሷ ግን አልጠገበችም። «እሺ ጋሼ፣ ግን ‘መጣ’ ሁልጊዜ ያለፈ አይደለም ወይ? ብቻውን ብናገረው ያለፈ ነው።» ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነትም ሌላ ምልክት በሌለበት ዓረፍተ ነገር «ልጁ መጣ» ስንል የምንረዳው ያለፈ ነገር ነው። ሰንጠረዡም ያሳሳተኝ በዚህ ነው። ድርጊትን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ለማየት በጣም የሚመቸው ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ሙሉው አተያይና ያለፈው ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። አብረው መሄዳቸው ግን አንድ አያደርጋቸውም። የሚለያዩበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ቦታው ሩቅ አይደለም። እነዚህን ጻፍኩ፦

«ትናንት ከመጣ በኋላ ተነጋገርን።»
«ነገ ከመጣ በኋላ እንነጋገራለን።»

አንዱ ትናንት ነው፤ ሌላው ነገ ነው። «ከመጣ» ግን ፊደሉ አልተለወጠም። «መጣ» በራሱ ያለፈ ጊዜን የተሸከመ ቢሆን ኖሮ ከነገ ጋር ይጋጭ ነበር። አይጋጭም። እዚህ ጋ «መጣ» የሚነግረን መምጣቱ ሙሉ በሙሉ ከተፈጸመ በኋላ ንግግሩ እንደሚከተል ብቻ ነው። ትናንትም ይሁን ነገ፣ ጊዜውን የሚነግረን መጨረሻ ላይ ያለው ግሥ ነው።

ከዚያ ደግሞ ተቃራኒውን፦

«ትናንት ሲመጣ አየሁት።»
«ነገ ሲመጣ አየዋለሁ።»

«ሲመጣ» የተሠራው «ይመጣል» ከሚለው ወገን ነው። በእኔ ሰንጠረዥ ይህ «የአሁንና የወደፊት» ነበር። ታዲያ ከትናንት ጋር ምን ያደርጋል? የሚያደርገው አለው። ሰውየው እየመጣ ሳለ፣ መሐል ላይ፣ እንዳየሁት ይናገራል። ልጅቷ አራቱን መስመሮች ደጋግማ አነበበችና እርሳሷን አስቀመጠች። «አማርኛ ተናግሬ ነው ያደግኩት፤ ይህንን አንድ ቀን እንኳን አላየሁትም» አለች። እኔም ለማየት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የራስን ቋንቋ ለማስተማር ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ አፋችን አይሳሳትምና ቆም ብለን አናየውም።

አሁን ወደ ሹፌሩ እንመለስ። ስልክ ላይ «መጣሁ» ሲል መምጣቱን እንደተቆረጠ፣ እንደ አንድ ሙሉ ነገር አድርጎ አቀረበው። ሁላችንም እንዲህ እንላለን። በሩን የሚያንኳኳ ሰው ሲጠራን ገና ከመቀመጫችን ሳንነሣ «መጣሁ!» እንላለን። ከእንግድነት ስንነሣም ገና እግራችን ከቤት ሳይወጣ «በሉ ሄድኩ» እንላለን። ጊዜው አላለፈም። «መጣ» ውስጥ ያለፈ ጊዜ የተቆለፈ ቢሆን ይህ አነጋገር ባልተቻለ ነበር። ይህ ማለት ግን ማንኛውንም ግሥ እንዲህ መናገር ይቻላል ማለት አይደለም። ነገ ለሚሠራ ቤት ዛሬ «ሠራሁ» አይባልም። አነጋገሩ ወዲያው ለሚሆን ነገር ነው፤ በተለይ ለመምጣትና ለመሄድ። ስለዚህ ለተማሪ ራሱን ችሎ፣ ከነሁኔታው ይሰጠዋል እንጂ ከሰንጠረዥ አይወጣም።

በሚቀጥለው ክፍል መሐንዲሱን ራሱን ይዘን ሞከርነው። ደብተሩ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘን፦ «ስትደውሉልኝ ምሳ በላሁ።» ሊል የፈለገው ምሳ እየበላ ሳለ እንደደወልንለት ነው። የጻፈው ግን ደወልን፣ ከዚያ እሱ በላ የሚል ስሜት ይሰጣል። ጀርመንኛ በመደበኛ አጻጻፉ፣ የሚካሄድን ድርጊት ካለቀው የሚለይ የግድ የሆነ የግሥ ቅርጽ የለውም። ስለዚህ «በላሁ» እና «እበላ ነበር» ለእሱ አንድ ናቸው። ያስቸገረው መቼ የሚለው አይደለም፤ እሱን በደንብ ያውቃል። የጎደለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ተማሪው ሩሲያዊ ቢሆን ኖሮ ይህ ስሕተት ባልተጠበቀ ነበር። በሩሲያኛ ብዙ ግሦች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ለሙሉው፣ አንዱ ለሚካሄደው፤ ሁለቱም ደግሞ ያለፈ ጊዜ አላቸው። መምህር የተማሪውን ስሕተት ከማረሙ በፊት ከየትኛው ጥያቄ እንደመጣ ማየት አለበት። «ነገ መጥቶ ነበር» ካለ የጊዜ ስሕተት ነው። «ስትደውሉልኝ በላሁ» ካለ የአስፔክት ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ልጅቷ ጊዜን ብቻውን ለማሳየት አንድ ዘዴ አገኘች። ከእኔ ይልቅ ጥሩ አድርጋ ነው ያስተማረችው። ሰሌዳው ላይ «እየመጣ ነው» እና «መጥቷል» ብላ ጻፈች። ከዚያ «እየመጣ ነበር»፣ «መጥቶ ነበር» አለች። «ነበር» ሲገባ ነገሩ ወደኋላ ይሄዳል። «እየመጣ» ግን ያው እየተካሄደ ነው፤ «መጥቶ» ያው የተፈጸመ ነው። ጊዜው ተንቀሳቀሰ፤ አስፔክቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀና ሁለቱን ዓምዶች ደብተሩ ላይ ገለበጠ።

በዚህ መሐል አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። መሐንዲሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ «ሚክሰሩ በር ላይ እየቆመ ነው» አለ። ወጥተን ስናይ መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል። «እየቆመ ነው» ማለት ፍሬን ይዞ ፍጥነቱ እየቀነሰ ነው ማለት ነው። እሱ ያየውን ለመናገር «ቆሟል» ማለት ነበረበት። «ለብሷል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ተኝቷል» እንዲሁ ናቸው። እጁን ጃኬት ውስጥ ገና እያስገባ ያለ ሰው «እየለበሰ ነው»፤ ለብሶ የሚሄድ ሰው «ለብሷል»። ድርጊቱ ተፈጽሟል፤ ውጤቱ ግን አሁን አለ። እንደ «ቆሞ»፣ «ለብሶ» ካለው ከ«ቦዝ አንቀጽ» የሚወጣው ይህ ቅርጽ የተፈጸመውን ከአሁኑ ጋር ያገናኛል። ብዙ የውጭ አገር ተማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ መቆምና መልበስ የሚቀጥል ሁኔታ ሲሆን፣ በአማርኛ ግን አንድ ጊዜ የሚፈጸም ድርጊት ነው። ስለዚህ «አሁን» የሚል ቃል ባዩ ቁጥር «እየ» ይጨምራሉ።

አንድ ነገር ግን ለጀማሪዋ አስጠንቅቄያታለሁ። «ይመጣ ነበር» በሦስት መንገድ ይነበባል። «ስደውልለት ይመጣ ነበር» ቢባል በመንገድ ላይ ነበረ ወይም ልማዱ ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል። «ብደውልለት ይመጣ ነበር» ከሆነ ደግሞ አልደወልኩም፤ አልመጣምም። ሦስቱንም በአንድ ቀን የሰጠ መምህር ተማሪውን ግራ ያጋባዋል። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ ሰጥተን፣ ልማዱን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ «ብደውልለት»ን ደግሞ ሌላ ወር ላይ አደረግነው።

አዲሱን ሰንጠረዥ የጻፈችው እሷ ናት። ወደ ታች «መቼ»፣ ወደ ጎን «እንዴት ታየ» ብላ ከፈለችው። «መጣ» የሚለውን ቃል አንድ ሣጥን ውስጥ አልቆለፈችውም፤ ከሥሩ «ከመጣ በኋላ፦ ትናንትም ነገም» ብላ በቀይ ጻፈችበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መሐንዲሱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። ሹፌሩ ነው፤ «መጣሁ! መጣሁ!» ይላል። መሐንዲሱ እኛን ቀና ብሎ አየንና በስልኩ «ደርሰሃል?» አለው።

«ልደርስ ነው» አለ ሹፌሩ።

መሐንዲሱ ስልኩን ዘጋ። ለፎርማኑ ደወለና «ሰዎቹ ሻያቸውን ይጠጡ» አለው።