ጋሼና እሜቴ እኩል እስኪተኙ ድረስ

መንታ ነው የወለድኩት፣ ወንድና ሴት። ስማቸው ይቆየን፣ ቤት ውስጥ እሱን ጋሼ እሷን እሜቴ ነው የምንላቸው፣ እሱ ከተወለደ ጀምሮ እንደ ሽማግሌ ይነጫነጫል እሷ ደግሞ እንደ ወይዘሮ ጋደም ብላ ሰው ታያለች። የምንኖረው ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ስለዚህ "አንዱን ሌላ ክፍል አስተኚው" የሚለው ምክር ለኔ አይሰራም፣ ሌላኛው ክፍል ሳሎን ነው፣ ሳሎን ደግሞ እማዬ (የባለቤቴ እናት) እና ጎረቤቱ በሙሉ ቡና የሚጠጡበት ነው።

ህዳር ላይ 5 ወር ሲሞላቸው የነበርኩበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። እሱ ሲተኛ እሷ ትነቃለች፣ እሷ ስትተኛ እሱ። ቅብብሎሽ በሉት። ሌሊት ሳልቋረጥ የተኛሁበት ረጅሙ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፣ አንድ ቀን ጨው በስኳር ምትክ ሻይ ውስጥ ጨምሬ ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው የገባኝ። እና እርግጠኛ ነበርኩ፣ ችግሩ የጋሼ ለቅሶ ነው፣ እሱ ይጮሃል እሷ ትነቃለች፣ አለቀ።

ባለቤቴ "እስቲ እንጻፈው" አለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩበት፣ አንተ ተኝተህ እያደርክ ምኑን ነው የምንጽፈው ብዬ፣ ግን ደብተር አስቀመጥን፣ ማን ነቃ፣ ስንት ሰዓት፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ ሌላው ነቃ ወይስ አልነቃም። ለ7 ሌሊት። በ7ቱ ሌሊት አንዱ ወይም ሌላው 31 ጊዜ ነቅቷል፣ ሁለተኛው ተከትሎ የነቃው ግን 14 ጊዜ ብቻ ነው። ከ14ቱ ደግሞ 9ኙ እኔ መብራት ካበራሁ በኋላ ወይ አንዱን ሳነሳ አልጋው ከተነቃነቀ በኋላ ነው። ለቅሶው ሲጀምር እሜቴ ትንሽ ትገላበጥና ትቀጥላለች፣ የምትነቃው እኔ ደንግጬ ዘልዬ ስገባ ነው። ማለትም የምቀሰቅሳት እኔ ነበርኩ። ይሄን ሳይ ማልቀስ ነው የቀረኝ።

ያኔ የሚተኙት በአንድ አልጋ ነበር። አናጺ ጋ ሄደን ሁለት ትንንሽ አልጋ አሰራን፣ አንዱን በዚህ ግድግዳ አንዱን በዚያኛው፣ መሀል ላይ ደግሞ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ላይ ገመድ ወጥረን ነጠላ ሰቀልን። ነጠላው ለድምፅ አይደለም፣ ለአይን ነው፣ ንጋት ላይ ሲተያዩ መሳሳቅ ይጀምራሉ ከዛ በኋላ ማን ያስተኛቸዋል። ለየብቻ መተኛታቸው ለደህንነታቸውም ይሻላል፣ መገልበጥ ጀምረው ስለነበር። በጀርባቸው ነው የማስተኛቸው፣ ጋቢም አላለብስም፣ ብርድ ሲሆን ልብስ እደርብላቸዋለሁ፣ ጋቢ ፊት ላይ ከወጣ ትንፋሽ ያፍናል። እማዬ በዚህ የተነሳ ሁለት ሳምንት አኩርፋ ነበር።

መብራቱን በትንሽ ደብዛዛ ቀይ አምፖል ቀየርነው፣ ከአልጋ ስር ነው የተቀመጠው። የድምፁ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እዚህ ሰፈር ሌሊት ማህሌት አለ፣ ውሻ አለ፣ ባጃጅ አለ። ስልኬ ላይ የዝናብ ድምፅ እየከፈትኩ ከአልጋቸው 2 ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አጠገቡ ሆነህ ሳትጮህ ማውራት የምትችልበት መጠን፣ ጆሮ ስር ማድረግ ለጆሮአቸው ጥሩ አይደለም። በሶስተኛው ሌሊት ከቀኑ ግርግር ሁሉ ገላግሎን እኩል ተኝተው እያለ ከዱባይ እህቴ ደወለች፣ ዝናቡ ተቋርጦ ስልኩ ሙሉ ድምፅ ጮኸ፣ ሁለቱም አበዱ። ከዛ ወዲህ ኤሮፕሌን ሞድ ሳላደርግ አልከፍትም፣ መብራት ስለሚጠፋም ፓወር ባንክ ላይ ነው የሚያድረው፣ ዝናቡ መሀል ላይ ሲቆም ከጩኸት እኩል ይቀሰቅሳቸዋል።

ትልቁ ትምህርቴ ግን አለመነካካት ነው። ሕፃን በየ40 እና 50 ደቂቃው ከከባድ እንቅልፍ ወደ ቀላል ይወጣል፣ ያኔ ያቃስታል፣ ይንፈራገጣል፣ አንዳንዴ ትንሽ ያለቅሳል፣ ግን ተኝቷል። እኔ እሱን ነበር "ነቃ" እያልኩ ሳነሳው የኖርኩት። አሁን መጀመሪያ የማየው አይኑን ነው። ከተዘጋ እጄን አላስገባም፣ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አይኑ ከተከፈተ ወይም ለቅሶው እየከረረ ከመጣ ያኔ ቶሎ አንስቼው ከክፍሉ እወጣለሁ።

ሲተኙም እኩል አላስቀምጣቸውም። ይሄ የሚገርም ይመስላል፣ እኩል ይተኙ እያልኩ። ግን አንድ ደቂቃ ላይ ከተኙ እኩል ነው ወደ ቀላል እንቅልፍ የሚወጡት፣ አንዱ ሲያቃስት ሌላውም በቀላሉ የሚነቃበት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ እሜቴን መጀመሪያ አስተኛታለሁ፣ 15 ደቂቃ አካባቢ ቆይቼ ጋሼን። እጇን ቀስ ብዬ አንስቼ ስለቀው ዝርግፍ ካለ፣ ትንፋሿም እኩል እኩል ከሆነ ከብዷታል ማለት ነው፣ ያኔ እሱ እሹሩሩ ሲባል ቢነጫነጭም አትሰማም። የአይን ቆቧ የሚርገበገብ ከሆነና ለብቻዋ ፈገግ ካለች ገና ነች፣ ይጠበቃል። በግልባጩ ሞክሬው ነበር፣ ነጭናጫውን አስቀድሜ፣ እሱን እያባበልኩ እሷ ደክማ ከመጠን በላይ ስለምትነቃቃ ሁለቱንም አጣኋቸው።

ቀን ላይ ማመሳሰሉ ግን በአንድ ህግ ነው የመጣው፣ አንዱ ከነቃ ሌላው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይቀሰቀሳል። እማዬ "አንቺ ልጅ፣ የተኛ ሕፃን ይቀሰቀሳል እንዴ?" አለች። "እማዬ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ" አልኳት። የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት አስቀያሚ ነበሩ፣ እሜቴ ከእንቅልፏ ስትቀሰቀስ እስከ ምሳ ድረስ ታኮርፋለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም በ10 ደቂቃ ልዩነት ራሳቸው ነቁ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ አላመንኩም።

የት ላይ ተሳሳትኩ መሰላችሁ፣ ነቅተው የሚቆዩበትን ሰዓት በ5 ወር ልጅ ልክ ነበር የጀመርኩት። ልጆቼ አንድ ወር ቀድመው ነው የተወለዱት፣ እንደ ብዙ መንቶች። ክትትል ላይ አንዷ ነርስ "የኔ እህት፣ ለእንቅልፍ የ4 ወር አድርገሽ ቁጠሪያቸው" አለችኝ። እኔ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነቅተው እንዲቆዩ ስታገል እነሱ በአንድ ሰዓት ተኩላቸው ጆሮአቸውን እያሹ ነበር። ወደ አንድ ሰዓት ተኩልና አንድ ሰዓት ከ45 ሳወርደው ለማስተኛት የሚፈጀው ትግል በግማሽ ቀነሰ። ደክሞት ያለፈበት ሕፃን ቶሎ ይተኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ጋሼን ይምጣና ይየው።

ጥር መግቢያ ላይ ቀናችን እንዲህ ሆነ፣ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳሉ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝተው እስከ 4፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝተው እስከ 8፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ አልጋ። መሀል ላይ 10 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ግማሽ ሰዓት የምታህል ሶስተኛ እንቅልፍ አለች፣ በዚያች ሰዓት ሁለቱንም አልጋ ላይ ማስተኛት ፈጽሞ አልቻልኩም። መፍትሄው እማዬ ናት። አንዱን እሷ ታዝላለች አንዱን እኔ፣ በአንቀልባ፣ ግቢውን እንዞራለን፣ ሁለቱም በ5 ደቂቃ ውስጥ ድብን። ግን ሁለቱም መታዘል አለባቸው። አንዱን አዝዬ አንዱን አልጋ ላይ ባስተኛ የታዘለው አንድ ሰዓት ተኩል ይተኛል፣ የአልጋው በ30 ደቂቃ ይነሳል፣ ማታ ደግሞ የታዘለው 3 ሰዓት ድረስ አይኑ ፈጦ ያመሸናል።

ከዛ ጥምቀት መጣ። ከከተራ ጀምሮ እንግዳ፣ ታቦት ሲወጣ እልልታ፣ ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለሱ ጭፈራ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከባህር ዳር የመጡ 6 ዘመዶች ሁሉም "እስቲ ልያቸው" እያሉ። አልታገልኩም፣ ሁለት ቀን እንደፈለገው ሆነ፣ ታዝለው ተኙ፣ ታክሲ ውስጥ ተኙ። ጥር 12 ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱንም ቀሰቀስኩና ከዛው ቀጠልኩ። ለመመለስ ሶስት ቀን ፈጀ። የምትይዙት አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን የጠዋቱን መነሻ ያዙ፣ የቀረው ከሱ ተነስቶ ይስተካከላል።

የምቆጭበት ሌሊቱ ላይ ያጠፋሁት ነው። አንዱ ለጡት ሲነቃ ሌላውንም ከአልጋ አንስቼ በእንቅልፍ ልቧ አጠባት ነበር፣ 7 ሰዓት ላይ ጋሼ፣ ቀጥሎ እሜቴ። ለወራት በጣም ጠቀመኝ። ግን 7 ወር ካለፋቸው በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ እሜቴ ራሷ ነቅታ አታውቅም፣ ሁሌም ቀስቃሿ እኔ ነኝ፣ ጡቱንም ሁለት ጊዜ ስባ ትተዋለች። ያለ ርሃቧ ነበር የማነሳት። ክትትል ላይ ኪሎዋን ለክተው ደህና ነች፣ ሌሊት መቀስቀሱ ይቅር ሲሉኝ ተውኩት (ኪሎ ለሚያንሳቸው ሳይጠይቁ መተው ጥሩ አይደለም)። የዛን ሌሊት እስከ 11 ሰዓት ተኛች፣ እኔ ግን 7 ሰዓት ላይ ነቅቼ ትተነፍሳለች ወይ እያልኩ ሳያት አደርኩ። ጋሼ እስከ 9 ወሩ አንድ ጊዜ ይነቃ ነበር። ሌሊት ላይ እኩል መሆናቸውን ተውኩት፣ ቀን ላይ ብቻ ነው የማስጠብቀው።

አሁን 14 ወር ሆኗቸዋል። ሰሞኑን እሜቴ የጠዋቱን እንቅልፍ እምቢ ብላለች፣ እሱ ደግሞ ያለሱ 4 ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ይወድቃል። ለጊዜው እሱን 20 ደቂቃ አስተኝቼ እቀሰቅሰዋለሁ፣ እሷ ከእማዬ ጋር ቡና ትቆላለች፣ ከዛ 6 ሰዓት ላይ ሁለቱም አንድ ላይ። ነሐሴ ስለሆነ የስልኩን ዝናብም አልከፍትም፣ ቆርቆሮው ይበቃል። ትናንት ጋሼ ቀድሞ ተነሳና ከክፍሉ ይዤው ስወጣ እማዬ ሰዓቷን አየች፣ "ግማሽ ሰዓት ሞላ እኮ፣ እሷን አትቀሰቅሻትም?" አለችኝ።