የሕፃን መኝታን በፎቶ ስመረምር የማያቸው ነገሮች

የሕፃናት ክፍል ነርስ ስለሆንሁ ዘመዶቼ የልጆቻቸውን መኝታ ፎቶ እያነሱ ይልኩልኛል። ከሁሉም ብዙ ያስተማረኝ አራት ኪሎ አካባቢ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የላከችው ነው። ልጇ የሁለት ወር ሕፃን ነው። አልጋው ከወላጆቹ አልጋ አጠገብ መቆሙን ሳይ ደስ አለኝ፤ በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ አልጋ መተኛቱ ለሕፃን የሚመከር ነው።

መጀመሪያ የምመለከተው ፍራሹ ላይ ያለውን ዕቃ ነው። ከተወጠረ አንሶላ በቀር ምንም መኖር የለበትም። እዚህ ግን ጥልፍ ያለበት ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና የአልጋውን ጎን የከበበ ጥጥ የተሞላ ጨርቅ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ለስላሳ ነገር አፍንጫውን ቢሸፍነው ገፍቶ ማራቅ አይችልም። ጭንቅላቱን ከግጭት ይጠብቃል ተብሎ የሚታሰረው ጨርቅም አደገኛ ነው፤ አሜሪካ በ2022 በወጣ ሕግ ሽያጩን ከልክላለች። ሦስቱንም አስወጣኋቸው።

ከላይ የተነሣ ፎቶ ግን የፍራሹን ዳር አያሳይም። ስለዚህ ሌላ ፎቶ ጠየቅሁ፦ ተንበርክካ በፍራሹ ልክ፣ ጣቶቿን በፍራሹና በእንጨቱ መካከል አስገብታ። አራት ጣት ገባ! ከሁለት ጣት በላይ ከገባ የሕፃኑ ፊት እዚያ ክፍተት ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ብዙ ሰው ክፍተቱን በተጠቀለለ ጋቢ ይሞላዋል፤ ይህ ግን ለስላሳውን ነገር መልሶ ወደ ፊቱ ማምጣት ነው። እህቴ አልጋውን ለክታ በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ ስፖንጅ አሠራች። እጅ ሲጫነው ወዲያው የሚመለስ እንጂ የእጅ ቅርጽ ይዞ የሚቀር መሆን የለበትም። በጎን እንጨቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክታ አሳየችኝ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ6 ስለማይበልጥ ተውነው። ራቅ ብላ ያነሣችው ፎቶ ደግሞ ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለውን የመጋረጃ ገመድ አጋለጠው፤ ሕፃኑ የማይደርስበት ቦታ ላይ በአጭሩ ታሰረ።

አማቷ ተጨነቁ፤ «በዚህ ብርድ ያለ ብርድ ልብስ ልታስተኙት ነው?» አሉ። የክረምት ሌሊት እንደሚበርድ አውቃለሁ። «እማማ፣ ልብሱን እንደርብለት፤ እጁ ቢቀዘቅዝ አይፍሩ፣ ደረቱን ወይም ማጅራቱን ይንኩ። ካላበውና ከሞቀው በዝቶበታል ማለት ነው» አልኋቸው። በጀርባው መተኛት እንዳለበትም አስረዳኋቸው፤ እርሳቸው በጎን ማስተኛት ለምደው ነበር።

ፎቶ የማያሳየውን በስልክ ጠየቅሁ፦ «ሌሊት የት ሆነሽ ታጠቢዋለሽ?» ሶፋ ላይ፣ አለችኝ። እናት ሶፋ ላይ እንቅልፍ ከወሰዳት ሕፃኑ በእርሷና በመደገፊያው መካከል ሊታፈን ይችላል፤ ከአልጋ ይልቅ አደጋው የባሰ ነው። ስለዚህ ትራሱንና ብርድ ልብሱን ገለል አድርጋ አልጋዋ ላይ እንድታጠባው፣ ሲጨርስም ወደ ራሱ አልጋ እንድትመልሰው ተስማማን።