ሦስተኛው ጉድጓድ፦ አካፋ የሠራውና አፈር የሠራው

ባለፈው ጥቅምት የአፈር ንብርብሮችን ለመለየት የቆፈርኩትን የመጀመሪያውን ጉድጓዴን ስመዘግብ፣ ከ20 ሳንቲሜትር ጀምሮ ግድግዳው በሙሉ እንደ ተወለወለ ያብረቀርቅ ነበር። ደስ ብሎኝ «ስሊከንሳይድ» ብዬ ጻፍኩ። ስሊከንሳይድ ማለት ዋልካ አፈር ሲያብጥ ክፍሎቹ እርስ በእርስ ተገፋፍተውና ተንሸራትተው የሚፈጥሩት አብረቅራቂ ገጽ ነው። አፈሩን ቨርቲሶል፣ ማለትም ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር፣ ለማለት ከሚፈለጉት ዋና ምልክቶች አንዱ እሱ ነው። ችግሩ፣ እኔ ያየሁት የአካፋዬን ሥራ ነበር።

አሁን የካቲት ላይ ሦስተኛውን ቆፍሬ ጨርሻለሁ። ቦታው ደንቢያ ሜዳ፣ ወደ ቆላ ድባ በኩል፣ ሽምብራው የተነሣለት ማሳ ነው። የማሳው ባለቤት «ልጄ፣ ቆፍር። ግን እንዳገኘኸው መልሰህ ድፈነው» ብለው ፈቀዱልኝ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.6 ሜትር። የምመዘግበውን ግድግዳ ወደ ደቡብ እንዲያይ አደረግኩት። በዚህ ወር ጎንደር ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ብርሃኑ በቀጥታ ይመታዋል። ቁፋሪውን በሁለቱ ጎኖች ከመርኩት እንጂ ከምመዘግበው ግድግዳ በላይ አልጣልኩትም። በሚመዘገበው በኩል ከተረገጠ ወይም አፈር ከተከመረ የላይኛው ንብርብር መልኩን ያጣል። በተቃራኒው ጫፍ የመውጫ ደረጃ ተውኩ።

ወደ አካፋው ልመለስ። እርጥብ ዋልካ በአካፋ ሲቆረጥ ይለሰናል፤ ቅቤ በቢላ እንደ መቁረጥ ነው። የሚቀረው ገጽ ያብረቀርቃል፣ ጭረትም አለበት፣ ሰውን ያሞኛል። መለያው ቀላል ነው። አካፋ የሠራው ገጽ ያለው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው፤ ጭረቶቹም አካፋው የወረደበትን መስመር ይከተላሉ። የቢላ ጫፍ አስገብቼ ጓል አውጥቼ በእጄ ብሰብረው ውስጡ ደብዛዛ ነው። እውነተኛው ስሊከንሳይድ ግን ከጓሉ ውስጥ ነው የሚወጣው። ጓሉ ራሱ በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ ያብረቀርቃል፣ ጭረቶቹም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሁለት ገጾች ሲቆራረጡ ጓሉ የሽብልቅ ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ አሁን ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ በቢላ ጫፍ እየነቀስኩ እፍቃለሁ። ማለስለስ የለም። አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ትከሻም ያማል።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያው እውነተኛ ስሊከንሳይድ የወጣው 55 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ስልኬ ላይ ባለው የአጋደል መለኪያ ስለካው 35 ዲግሪ አካባቢ ሆነ። የቨርቲሶል መስፈርት የሚፈልገው ሽብልቅ ከአግድም ከ10 እስከ 60 ዲግሪ የተጋደለ ነው፣ ስለዚህ ያሟላል። ጥቅምት ላይ 20 ያልኩት ስህተት እንደ ነበር ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ ያስተማረኝ ደግሞ ስለ ወሰን ነው። ወሰን ማለት አንዱ ንብርብር አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ነው፤ ሁለት ነገር ይጻፍለታል። አንደኛው የሽግግሩ ውፍረት ነው፦ እስከ 2 ሳንቲሜትር ከሆነ ድንገተኛ፣ ከ2 እስከ 5 ግልጽ፣ ከ5 እስከ 15 ቀስ በቀስ፣ ከዚያ በላይ የተበተነ። ሁለተኛው ቅርጹ ነው፦ ቀጥ ያለ፣ ሞገዳማ፣ ወጣ ገባ ወይም የተቆራረጠ። እኔ 30 ሳንቲሜትር ላይ በጣም ግልጽ መስመር አይቼ «ድንገተኛ» አልኩ። በማግስቱ ስመለስ መስመሩ ወርዷል። ለካ የደረቀውና ያልደረቀው አፈር መገናኛ ነበር። ግድግዳውን በርጭት ሳርሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ መጀመሪያ አርሳለሁ፣ ከዚያ በቢላ ከላይ ወደ ታች እየወጋሁ የሚለወጠውን ጥንካሬ በእጄ እሰማለሁ፤ ወሰኑን የሚያመለክተውን ምስማር የምሰካው በመጨረሻ ነው።

አሁን ቀለም። የአፈሩን ቀለም የማመሳክርበት የመንሴል ሰሌዳ ላይ ያለው ምልክት ሦስት ነገር ይናገራል። 10YR 3/1 ስንል፣ 10YR የቀለሙ ዓይነት ነው፣ በቢጫና በቀይ መሃል ያለው። 3 ምን ያህል ብሩህ ወይም ጨለማ እንደሆነ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይጠቁራል። የመጨረሻው 1 ቀለሙ ምን ያህል ደመቅ እንዳለ ነው፤ ወደ ግራጫ ሲጠጋ ይወርዳል። የሰሌዳውን ገጽ የምገልጠው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ ይቀላል፣ አፈሩም የቀላ ይመስላል። መነጽርም አወልቃለሁ።

እዚህ ላይ ነው ወሳኙ ነገር የመጣው። የላይኛው፣ የሚታረሰው ንብርብር ከ0 እስከ 18 ሳንቲሜትር ነው፣ Ap ብዬዋለሁ፤ A የላይኛው ንብርብር፣ p የመታረስ ምልክት ነው። ደረቁን ሳነበው 10YR 4/1 ሆነ። አንድ ጠብታ፣ ሁለት ጠብታ እያደረግኩ ቀለሙ መለወጡን እስኪያቆም አረስኩት። ውሃው ላዩ ላይ ካብረቀረቀ ግን በዝቷል ማለት ነው፣ መጠበቅ ነው። እርጥቡ 10YR 3/1 ሆነ። ልዩነቱ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ግን ስም ይቀይራል። በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ቨርቲሶልን «ፔሊክ» ለማለት የላይኛው 30 ሳንቲሜትር በእርጥብ ሲነበብ ብሩህነቱ 3 ወይም ከዚያ በታች፣ ድምቀቱም 2 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ደረቁን ብቻ ጽፌ ቢሆን 4 ነውና አይገባም ነበር። አሁን እርጥብና ደረቅ ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ከAp በታች ያለው ወሰን ግልጽና ቀጥ ያለ ነው፣ የማረሻው እጅ ነውና። ከ18 እስከ 55 ያለው B፣ ማለትም ከላይኛው ቀጥሎ ያለው ንብርብር፣ በእርጥብ 10YR 2/1 ነው። ወደ ታች የሚሻገረው ቀስ በቀስ ነው፣ ወሰኑም ሞገዳማ ነው። ከ55 እስከ 120 ያለው Bi ነው፤ i የስሊከንሳይድ ምልክት ነው። ከ120 በታች ትናንሽ ነጫጭ እብጠቶች ታዩኝ። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስጥልባቸው ፈሉ። ካርቦኔት ነው፣ ምልክቱም k ነው፣ ስለዚህ Bik።

ስንጥቁ ላዩ ላይ 4 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ቀጭን ሽቦ ስልከው 70 ሳንቲሜትር ገባ። ማለትም ስሊከንሳይድ ያለበትን ንብርብር አግኝቶታል፣ ቨርቲሶል የሚፈልገውም ይህንን ነው። 60 ሳንቲሜትር ላይ ደግሞ የጤፍ ጭድ አገኘሁ። ማንም አልቀበረውም። በበጋ በስንጥቁ ወርዶ፣ በክረምት አፈሩ ሲያብጥ ተዘግቶበት ነው። ለባለ ማሳው ሳሳያቸው ሳቁ። «ዋልካ ይውጣል፣ አንተ ዛሬ ነው የምታየው» አሉኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሸክላው ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለበት፤ ከላይ ጀምሮ ያለ መቋረጥ። እርጥቡን አፈር በእጄ ወደ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ሽቦ አድርጌ ስጠመዝዘው ቀለበት ሠርቶ አልተሰነጠቀም። ይህ ሸክላማ ነው ይላል እንጂ መቶኛ አይሰጥም። ከእያንዳንዱ ንብርብር ናሙና ወስጃለሁ፣ ከታች ወደ ላይ፣ የላዩ እንዳይረግፍበት። ቤተ ሙከራው እስኪመልስ መዝገቤ ላይ ያለው ስም በእርሳስ ነው የተጻፈው፦ ፔሊክ ቨርቲሶል።

ጉድጓዱን ስደፍን የታችኛውን አፈር መጀመሪያ፣ ጥቁሩን የላዩን መጨረሻ ጨመርኩ። ባለ ማሳው ቆመው አዩ።