የተቆረጠሙ ዳኞች

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱን የሚጠይቀኝ ካለ ጉሙ ነው እላለሁ። የደብረ ብርሃን ጉም ጥሩ ሰበብ ነው፤ ቢያመካኙበት አይከራከርም። እውነቱ ግን ከቤት ስልክ ተደውሎ ነበር። ከእናቴ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን፣ ስለ አባቴ ጤና ጠይቄ ዘጋን። ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ የከፋኝ። ስለዚያ ልጽፍ ነበር ደብተሬን ያወጣሁት።

ግን የመንዟ ልጅ መጣች። እሷ ከመጣች ደግሞ መከፋት አይቻልም። ሐሙስ የአስተዳደር ሕግ ፈተና አለብን፤ አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ ይዛ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም የሚለውን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለች። «ጉዳይ ተሰጥቶኝ ፍቺ ስባል ግን ይጠፋብኛል። ምሳሌ አምጣ። ከአገር ቤት ይሁን።»

ያኔ አፌ ላይ የመጣልኝ የእኛ ቆላ ነው። ታርማበርን ወርዳችሁ መስኖ ካለበት አገር ስትደርሱ ሰው የሚጣላው በውሃ ነው። ነገሩን እንዲህ አድርጌ ነገርኳት። በአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ፤ ውሃው በተራ ይደርሳል። አንዲት ሴትዮ ተራዋ ሳይሆን በሌሊት ቦዩን ሰብራ ማሾዋን አጠጣች ተብላ ትከሰሳለች፤ ከሳሹ ከታች ያለ ገበሬ ነው። ገበሬዎቹ የመረጡት ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ጉዳዩን ሰምቶ ገንዘብ ይቀጣታል፤ ሁለት የውሃ ተራም ያስቀርባታል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ አለ፤ ድምፅ ግን አይሰጥም።

ልጅቷ ሦስት የገብስ ፍሬ መርጣ ደብተሬ ላይ ደረደረች፤ ዳኞቹ መሆናቸው ነው። ለጸሐፊው ከቆሎው ውስጥ አንድ ሽምብራ ፈልጋ አገኘችለት።

«የሊቀ መንበሩ ማሳ የት ነው?»

«ከሴትዮዋ ቀጥሎ።»

«እሷ የተከለከለችው ውሃ ለማን ይደርሳል?»

«ተራው ለሚከተለው ሰው።»

«ለእሱ ማለት ነው» አለችና የመጀመሪያውን ገብስ አንስታ ቆረጠመችው።

ቅር አለኝ። ሊቀ መንበሩ ቀጥ ያለ ሰው ነው፣ ለውሃ ብሎ ፍርድ የሚያጣምም አይደለም አልኳት። ሳቀች። «ኮተንሃምም እንደዚያ ነበር» አለች። ይህንን ጉዳይ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ ያኔ ግን አላስተዋልኩትም ነበር፤ ክርክሩ የቦይ መሆኑ ራሱ ገረመኝ። በእንግሊዝ አገር ዳይምስ የተባለ ሰው ግራንድ ጀንክሽን ከተባለ የቦይ ኩባንያ ጋር ተሟገተ። ሎርድ ቻንስለሩ፣ ማለትም ከፍተኛው ዳኛ ኮተንሃም፣ ለኩባንያው የሚጠቅም ትእዛዝ አጸና፤ በኩባንያው ውስጥ ግን የራሱ አክሲዮን ነበረው። ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1852 ትእዛዙን ሻረው። የሻረው ሰውየው አድልቷል ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ኮተንሃም በአክሲዮኑ ምክንያት በጥቂቱም ቢሆን ተመርቶ ይሆናል ብሎ የሚገምት ማንም እንደሌለ ከዳኞቹ አንዱ ተናግሯል። ዳኛው በውጤቱ የገንዘብ ጥቅም ካለው ልቡ አይመረመርም፤ ጥቅሙ መኖሩ ብቻ ይበቃል።

«እሺ» አልኳት፤ አሁንም አልተሸነፍኩም። «ገበሬ ሆኖ በዚያ ቦይ ማሳ የሌለው የለም። የውሃው ሥርዓት መከበር ሁሉንም ይጠቅማል። እንግዲያ ሁሉም ሊነሳ ነው?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ለራሴ ያጨበጨብኩት በልቤ ነው። እሷም ትንሽ አሰበችና ለየችው። የተወሰደው ተራ ለሁሉም እኩል የሚከፋፈል ቢሆን ኖሮ የሊቀ መንበሩ ጥቅም የማንኛውም የቦዩ ተጠቃሚ ጥቅም ነው፤ በዚያ ብቻ ዳኛ ከወንበሩ አይነሳም። እዚህ ግን ውሃው ከእሷ ማሳ ወጥቶ በቀጥታ የእሱ ማሳ ውስጥ ይገባል። የሚጠየቀው «ውሳኔው በዚህም በዚያም ቢሄድ በእሱ እጅ ያለው ነገር ይለወጣል ወይ?» ነው። እዚህ ይለወጣል።

ሁለተኛው ገብስ የከሳሹ አበልጅ ነው። እዚህ ላይ ተያይዘን ቆየን። ዳኛ ከችሎት የሚነሳባቸውን ምክንያቶች የዘረዘረውና በ2013 በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 የሚጀምረው ከሥጋና ከጋብቻ ዝምድና ነበር። አበልጅ ሁለቱንም አይደለም፤ ልጅህን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው እንጂ ደምህ አይደለም። በዚያ ላይ ያ አዋጅ የፍርድ ቤት እንጂ የውሃ ኮሚቴ ሕግ አይደለም፤ ሐሳቡን ነው የምንዋሰው። እሷ እንዳለችው ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ፍትሕ ሊዛባ ይችላል የሚያሰኝ ሌላ በቂ ምክንያት የሚል በር ነበረው፤ አበልጅ በዚያ በር ይገባል። እንግሊዞቹም እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ የሚጠቀሙበት መለኪያ ለዚህ ይመቻል። ነገሩን የሚያውቅ ሚዛናዊ ታዛቢ ቢያየው፣ ዳኛው ሊያደላ የሚችልበት እውነተኛ ዕድል አለ ይላል ወይ? ለንደን ያለው ታዛቢ አበልጅ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። የእኛ ቆላ ታዛቢ ግን በፋሲካ ማን ማን ቤት ሙክት ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል። ተቆረጠመ።

ሦስተኛው ማሳም የለው፣ ዝምድናም የለው። ግን ክሱ ከመሰማቱ በፊት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በሰው ፊት «ያቺ ሴትዮ ድሮም በስርቆት ነው የምታጠጣው» ብሏል። ይህን ሳልጨርስ በልታው ነበር። ትንሽ ብትጠብቅ ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም ሰው አስተያየት ስላለው ብቻ አይነሳም። ሌሊት ቦይ መስበር ነውር ነው ብሎ ቢሆን ኖሮ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ኮሚቴው የተቋቋመው ለዚያ ነው። እሱ ግን ገና ሊወስንበት ያለውን ጥያቄ፣ እሷ ሰርቃለች ወይስ አልሰረቀችም የሚለውን፣ አስቀድሞ ዘግቶ መጥቷል። ሴትዮዋ ምስክር ብታመጣ የምታቀርበው ለተዘጋ በር ነው።

ሽምብራው ቀረ። «ይህ ድምፅ አይሰጥም፤ ተወው» አለች። እዚህ ላይ የበላይነቱ የእኔ ሆነ። ጸሐፊው የከሳሹ የእህት ልጅ ነው፤ ሦስቱ ሊመክሩ ባለጉዳዮችን ሲያስወጡ እሱ ደብተሩን ይዞ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዝ የሰሴክስ ዳኞች ጉዳይ የሆነው ይኸው ነው። ማካርቲ የተባለ ሞተር ብስክሌተኛ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጭቶ በአደገኛ አነዳድ ተከሰሰ። ከዳኞቹ ጋር ወደ ውስጥ የገባው ጸሐፊ፣ በግጭቱ ምክንያት ማካርቲን ካሳ ለሚጠይቀው ወገን በቆመ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዳኞቹ ምንም አልጠየቅነውም ብለው በመሐላ አረጋገጡ፤ ታመኑም። ፍርዱ ግን ተሻረ። ፍትሕ መሰጠቱ ብቻ አይበቃም፣ ሲሰጥም በግልጽ መታየት አለበት የሚለው፣ ሁላችንም የፈተና ወረቀት ማሳመሪያ የምናደርገው ቃል የተነገረው እዚያ ላይ ነው። ለካ አነሳሱ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጸሐፊ ነው።

ሽምብራውን ራሴ በላሁት።

«ቆይ» አለች እጇን እያራገፈች፤ «ሁለቱ ንጹሕ ቢሆኑና አንዱ ብቻ ቢነካካስ? ሁለት ለአንድ ያልፍ የለ?» አያልፍም። ሦስት ሰው አብሮ ከመከረ የአንዱን ቃል ከሌሎቹ ጆሮ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ውሳኔው ይሻርና በሌሎች ሰዎች እንደገና ይሰማል። ሴትዮዋ ነጻ ወጣች ማለት ግን አይደለም። ዳይምስም የኮተንሃምን ትእዛዝ አሽሮ፣ ከኮተንሃም በፊት ኩባንያው ያገኘው የሥር ዳኛ ውሳኔ ግን ጸንቶበታል። ይህን ለሴትዮዋ ማን ደፍሮ እንደሚነግራት አላውቅም።

ደብተሩ ላይ ማንም አልቀረም። ሁለታችንም ባዶውን ገጽ አየን።

«እንግዲህ ማን ይፍረድ?» አልኩ። በትንሽ ቀበሌ ማሳ የሌለው፣ አበልጅ የሌለው፣ አፉን ያልከፈተ ሰው ከየት ይመጣል? ለዚህም መልስ አለው፤ አስገዳጅ ሁኔታ ይባላል። ሌላ ሊፈርድ የሚችል አካል ጨርሶ ከሌለ፣ ጉዳዩ ሳይዳኝ ከሚቀር የተነካካውም ዳኛ ይዳኘዋል። የሚያስቀው፣ ይህም በዚያው በዳይምስ ጉዳይ አለ። ይግባኙ ወደ ጌቶች ምክር ቤት እንዲሄድ የኮተንሃም ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ከእሱ በቀር የሚፈርም ስላልነበረ ፊርማው ጸና። ፍርዱ ወደቀ፣ ፊርማው ቆመ። ስለዚህ የሚፈቀደው ሌላ መንገድ እስከጠፋበት ድረስ ብቻ ነው። የእኛ ኮሚቴ ከጎረቤት ቦይ ሦስት ሰው መዋስ ከቻለ፣ ሰው የለንም ማለት አይችልም።

እሷ ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር አነሳች። «የሽምግልና ነገር ግን ይቃረናል» አለች። ሽማግሌ የሚመረጠው እኮ ሁለቱንም ስለሚያውቅ፣ አበልጅም ዘመድም ስለሆነ ነው፤ የማያውቅህ ሰው ምን ብሎ ያስታርቅሃል? እኔ የመሰለኝን ነገርኳት፤ ሽማግሌን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው መርጠው ይቀመጡታል፣ ካልጣማቸውም ተነሥተው ይሄዳሉ። ኮሚቴው ግን ወደድክም ጠላህም ውሃህን ይዘጋዋል። ተነሥቶ መሄድ በማይቻልበት ቦታ ነው ዳኛው እንዲነሳ የሚጠየቀው። አልተዋጠላትም። የምትሄድበት የሌላት ሴት በሽማግሌስ ፊት ተነሥታ ትሄዳለች ወይ አለችኝ። ዝም አልኩ።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። አበልጅነቱን እያወቀች «ይነሳልኝ» ሳትል ችሎቱን ካስጨረሰች፣ መብቷን እንደተወች ይቆጠራል፤ ስትሸነፍ መጥታ ብትጮህ አይሰማም። ደንቡ ምክንያት አለው፤ አለዚያ ሁሉም ተቃውሞውን በጉያው ደብቆ ውጤቱን ይጠብቅ ነበር። ግን በይሉኝታ አገር፣ በአባቷ ዕድሜ ያለን ሰው «አንተ አትዳኘኝ» ብላ በሰው ፊት የምትናገር ሴት የት አለች? ዝምታዋ መተው ነው ወይስ መፍራት? መምህራችን ይህን ሐሙስ ቢጠይቀን ግማሽ ገጽ የሚበቃን አይመስለኝም።

ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። አበልጁን ስቆረጥመው ዝም አልክ፣ ሦስተኛውን አሳልፈህ ሰጠህ። ለሊቀ መንበሩ ብቻ እንዲህ የተሟገትክለት ለምንድን ነው? ማነው?»

አባቴ ነው አልኳት።

«ከዚህ ክርክር ተነሳ!» ብላ ሄደች። ልነሳ ነበር። ግን ለፈተና የምናጠናው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔ ከተነሳሁ ምልአተ ጉባኤ አይሞላም።