የማሽኑ ረቡዕ፣ የሠራተኛው ማክሰኞ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ማሽን ላይ የሚሠራ ልጅ የኅዳር 2017 የትርፍ ሰዓት ክፍያው ጎደለበትና አራት ገጽ አቤቱታ ጻፈ። አለቃው የተናገረው ክፉ ቃል፣ ለቤት ኪራይ የተበደረው ገንዘብ፣ «በተደጋጋሚ ሌሊት ሠርቻለሁ» የሚለው፣ ሁሉም አለበት። የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ የሚያየው ባለሙያ አገላብጦ አይቶ መለሰለት። «አብሽር ወንድሜ፣ አላምንህም አላልኩም። ግን የትኛው ሌሊት? ከስንት እስከ ስንት ሰዓት? ይኼን ይዤ ድርጅቱን ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ሁለተኛው አቤቱታ አንድ ገጽ ሠንጠረዥና ግማሽ ገጽ የማስረጃ ዝርዝር ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፤ በመስመሩ ላይ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የተሠራው ሥራ፣ የማስረጃው ቁጥር። ስድቡና ብድሩ ወጡ። ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ ለትርፍ ሰዓት ሒሳብ የሚጨምሩት ነገር ስለሌለ ነው።

ሥራው የከበደው ቀኑ ላይ ነው። ልጁ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት መደበኛ ፈረቃው ነው፤ ትርፍ ሰዓቱ ከማታ 4 እስከ ሌሊት 8 ይሄዳል። እሱ «ማክሰኞ ሌሊት» ይላል፣ እኛም እንደዚያው እንላለን። የአሻራ ማሽኑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይቀይራል። ስለዚህ መግቢያው 19/11/2024 13:52፣ መውጫው 20/11/2024 02:06 ሆኖ ይታተማል። ወረቀቱን ለብቻው ላየው ሰው ማክሰኞ መውጫ የለውም፣ ረቡዕ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሌሊት 8 ሰዓት አለ። «የተናገረውና ማሽኑ አይገጥምም» ተብሎ አቤቱታው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። መስመሩ እንዲህ ተስተካከለ፦

3. ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2017 ለረቡዕ አጥቢያ (19–20/11/2024)፤ ከማታ 4፡00 እስከ ሌሊት 8፡00 (22:00–02:00)፤ ትርፍ ሰዓት፣ 4 ሰዓት፤ ማስረጃ 2 ገጽ 1።

ቀኑን ለመቀየር የቆየ ልማድን ማመን አያዋጣም። ኅዳር 1 ቀን 2017 ኖቬምበር 10 ዋለ፤ ኅዳር 1 ቀን 2016 ግን ኖቬምበር 11 ነበር፣ ከዚያ በፊት ጳጉሜን 6 ስለሆነች። ሁለቱም አቆጣጠር ያለበትን ካሌንደር ዘርግቶ እያንዳንዱን መስመር ከነዕለቱ ማመሳከር ይሻላል። ዕለቱ ካልገጠመ ቀኑ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሒሳቡ ከሠንጠረዡ ሥር ተጻፈ። ደመወዙ 4,160 ብር ነው፤ በወር 208 ሰዓት (በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል) ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 68 መሠረት የሌሊት ትርፍ ሰዓት በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2 ይባዛል። ስድስት ሌሊት በአራት አራት ሰዓት 840 ብር፣ ሁለት እሑድ በስምንት ስምንት ሰዓት 640 ብር፣ ድምሩ 1,480። በደመወዝ መክፈያው ላይ 420 ብር ተከፍሏል፤ ይኸውም የሦስት ሌሊት ነው። ልጁ ይህን መጻፍ አልፈለገም ነበር። ካልተጻፈ ግን ድርጅቱ በመልሱ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው፣ ያኔ የቀረውም ይጠረጠራል። ተጽፎ ሲታይ ደግሞ የጉድለቱ ምክንያት ራሱ ወጣ፦ የተከፈሉት ሦስቱ ኃላፊው የፈቃድ ቅጽ የፈረመባቸው ናቸው፤ ያልተከፈሉት ሁሉ በማሽኑ ላይ ብቻ ያሉ ናቸው። የሚጠየቀው 1,060 ብር ሆነ።

ማስረጃዎቹ አራት ናቸው፦ የደመወዝ መክፈያ፣ የአሻራ ወረቀት፣ በቴሌግራም ግሩፕ የወጣው የፈረቃ ድልድል፣ አብረው ካደሩ ሁለት ሠራተኞች የተፈረመ ቃል። በእያንዳንዱ ቅጂ ቀኝ ራስጌ ቁጥሩ በእስክሪብቶ ይጻፋል። የቴሌግራሙ ፎቶ ላኪው፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቆረጥ መታየት አለበት። መልእክቱም ከስልኩ አይጠፋም፣ ዋናውን አሳይ ሊባል ይችላል። ምስክሮቹም «ሁልጊዜ ሌሊት ይሠራል» ሳይሆን «በመስመር 3 እና 5 ባሉት ሌሊቶች አብሬው ነበርኩ» ብለው ይጻፉ።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ለድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል በቃል መመላለስ ይህን አያቋርጥም። ልጁ ሚያዝያ ላይ ሁለት ቅጂ ይዞ ሄደ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብቶ በሌላው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደረገበት።

ባለሙያው በዚያው ሳምንት ለድርጅቱ የጻፈው ደብዳቤ ከአምስት መስመር አይበልጥም፤ «በተያያዘው ሠንጠረዥ በተራ ቁጥር 3፣ 5፣ 6፣ 7 እና 8 ለተመለከቱት ቀናት የመግቢያ መውጫ መዝገብና የክፍያ ማስረጃ ይቅረብልን» የሚል ነው።